ሃያ ነጥብ፣ አራት ስፋት፦ የዱር እንስሳት መዋያ እንዴት ይለካል

የመዋያ ክልል የሚባለው አንድ እንስሳ ምግቡን ለመፈለግ፣ ለመራባትና ግልገሎቹን ለማሳደግ በተለመደው ኑሮው የሚመላለስበት ቦታ ነው። ትርጉሙን በዚህ መልክ ያስቀመጠው አሜሪካዊው የእንስሳት ተመራማሪ ዊልያም በርት ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1943 ነበር። በርት ሁለት ነገሮችን ለይቷል። የመጀመሪያው የመዋያ ክልልና ግዛት አንድ አለመሆናቸው ነው፤ ግዛት እንስሳው ሌሎችን እያባረረ የሚጠብቀው ቦታ ብቻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንስሳው አልፎ አልፎ ከለመደው ቦታ ወጣ ብሎ የሚሄደው ጉዞ የመዋያው አካል ሆኖ የማይቆጠር መሆኑ ነው።

ትርጉሙ በቃል ግልጽ ይመስላል። መሬት ላይ ወርዶ በካሬ ኪሎ ሜትር ሲለካ ግን ችግር ይመጣል፤ እንስሳው ድንበሩን አስምሮ አይሄድም። ተመራማሪው በእጁ ያለው እንስሳው በተለያየ ሰዓት የታየባቸው ነጥቦች ብቻ ናቸው። ከነጥብ ወደ ስፋት የሚያሻግሩ ዘዴዎች ብዙ ቢሆኑም ለረጅም ጊዜ ሲሠራባቸው የቆዩት ሁለት ናቸው፦ አነስተኛው ጎነ ብዙና የከርነል ጥግግት። ሁለቱ ከተመሳሳይ ነጥቦች በጣም የተራራቀ ስፋት ሊያወጡ ይችላሉ፤ ምክንያቱም የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው።

ነጥቦቹ ከየት ይመጣሉ

ለምሳሌነት የባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ተስማሚ ነው። ቀይ ቀበሮ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ፣ በአብዛኛው ፍልፈልና ሌሎች አይጥ መሰል እንስሳትን እያደነ የሚኖር፣ ቀን የሚንቀሳቀስና በቤተሰብ መንጋ የሚደራጅ እንስሳ ነው። አገሩ ገላጣ በመሆኑ ተመራማሪዎች በእግርና በፈረስ እየተከተሉ ያየበትን ቦታ መመዝገብ ይችላሉ። ክላውዲዮ ሲሌሮ ዙቢሪና ዳዳ ጎቴሊ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ አይጥ በሚበዛበት የባሌ ክፍል የስምንት መንጋዎች መዋያ በአማካይ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። አይጥ በሚያንስበት ቦታ ግን አማካዩ ወደ 13.4 ካሬ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሏል። ምግቡ ሲሳሳ እንስሳው ብዙ መሬት ይፈልጋል ማለት ነው።

ነጥቦቹ በዓይን ከማየት፣ በሬዲዮ ሞገድ ከመከተል ወይም እንስሳው አንገት ላይ ከሚታሰር ጂፒኤስ ሊመጡ ይችላሉ። የትም ይምጡ፣ ከስሌቱ በፊት አንድ ሥራ አለ። ጂፒኤስ ቦታን የሚናገረው በኬንትሮስና በኬክሮስ ዲግሪ ሲሆን ስፋት የሚለካው ግን በሜትር ነው። ስለዚህ ነጥቦቹ በሜትር ወደተከፈለ የካርታ ሥርዓት መቀየር አለባቸው፤ ለባሌ የሚሆነው በምሕጻር UTM የሚባለው ሥርዓት 37ኛ ሰሜናዊ ዞን ነው። ይህ ከተረሳ ስሌቱ አይቆምም፤ የማይረባ ቁጥር ያወጣል። በባሌ አንድ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ክልል 0.001 አካባቢ ሆኖ ይታያል። የአንድ ትልቅ እንስሳ መዋያ ከዜሮ በማይሻል ቁጥር ከወጣ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይህ ነው።

ሁለቱን ዘዴዎች ጎን ለጎን ለማየት አንድ የተዘጋጀ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ጠባብ ሸለቆዎች በቀኝ ማዕዘን ይገናኛሉ፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ሰሜን እያንዳንዳቸው 3 ኪሎ ሜትር ይዘልቃሉ። ሸለቆዎቹ ፍልፈል የሚበዛባቸው ሣር ናቸው። በመካከላቸው ያለው ግን ድንጋያማ ጉብታ ስለሆነ ለአደን አይሆንም። አንዲት ሴት ቀበሮ በተለያዩ ቀናት 20 ጊዜ ታይታለች። 5ቱ ሸለቆዎቹ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ናቸው። በእያንዳንዱ ሸለቆ ከማዕዘኑ 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 3 ጊዜ፣ 2 ኪሎ ሜትር ላይ 2 ጊዜ፣ 3 ኪሎ ሜትር ላይ 2 ጊዜ ታይታለች። ይህ 19 ነጥብ ይሆናል። ሃያኛው ነጥብ ብቻውን ነው፦ ከማዕዘኑ 4 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅና 4 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን።

ካስማና ገመድ፦ አነስተኛው ጎነ ብዙ

በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ነጥብ መሬት ላይ እንደተተከለ ካስማ ይታሰባል። ገመድ በሁሉም ካስማዎች ዙሪያ ይዞርና ተወጥሮ ይታሰራል። ገመዱ የሚነካው ዳር ያሉትን ካስማዎች ብቻ ነው፤ የተቀሩት በውስጥ ይቀራሉ። የተወጠረ ገመድ ወደ ውስጥ አይሰረጎድም፤ ስለዚህ የሚገኘው ቅርጽ ሁሉንም ነጥቦች የሚይዝ፣ ሰርጓዳ የሌለው ትንሹ ጎነ ብዙ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1947 ለአጥቢ እንስሳት ጥናት ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ካርል ሞር ነው። ወረቀት፣ ማስመሪያና እርሳስ ብቻ ስለሚበቃው ለብዙ ዓመታት ዋናው መለኪያ ሆኖ ቆይቷል።

በምሳሌው መጀመሪያ 19ኙን ነጥብ ብቻ እንይ። ገመዱ ማዕዘኑን፣ የምሥራቁን ሸለቆ ጫፍና የሰሜኑን ሸለቆ ጫፍ ይነካል። ይህ ሁለት ጎኖቹ 3 ኪሎ ሜትር የሆኑ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ስፋቱም 3 በ3 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 4.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። አሁን ሃያኛው ነጥብ ይጨመር። ገመዱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተለጥጦ አራት ማዕዘን ይሠራል፤ ስፋቱም 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አንዲት ቀበሮ አንድ ጊዜ ርቃ በመሄዷ መዋያዋ ወደ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ሆነ። በሸለቆው የዋለችባቸው 19 ቀናት ይህን ቁጥር በምንም አላንቀሳቀሱትም።

የዘዴው የመጀመሪያ ድክመት ይህ ነው፦ ውጤቱን የሚወስኑት ዳር የቆሙት ጥቂት ነጥቦች ናቸው። ይህን ለማለዘብ ተመራማሪዎች ከሁሉም ነጥቦች አማካይ ቦታ እጅግ የራቁትን 5 በመቶ ጥለው በቀሪው 95 በመቶ ያሰላሉ። ከ20 ነጥብ 5 በመቶ ማለት አንድ ነው፤ የምትወጣውም ያቺው ብቸኛ ነጥብ ስትሆን ስፋቱ ወደ 4.5 ይመለሳል። በዚህ ምሳሌ መፍትሔው ከበርት ትርጉም ጋር ይስማማል። በባሌ ሴት ቀይ ቀበሮዎች በመራቢያ ወቅት ከጎረቤት መንጋ ወንዶች ጋር እንደሚገናኙ ተመዝግቧል፤ እንዲህ ያለው ጉዞ እውነተኛ ቢሆንም የዕለት ኑሮ አካል አይደለም። ይሁን እንጂ 5 በመቶ የሚለው ቁጥር ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ርቃ የሄደችው ሦስት ጊዜ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ነጥቦች በገመዱ ውስጥ ይቀሩ ነበር። አንድም ጊዜ ባትሄድ ደግሞ ሕጉ በመዋያዋ ውስጥ ያለ ትክክለኛ ነጥብ ቆርጦ ይጥል ነበር።

ሁለተኛው ድክመት ባዶውን ቦታ ከተያዘው አለመለየቱ ነው። በ4.5 ካሬ ኪሎ ሜትሩ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀበሮዋ አንድ ጊዜም ያልታየችበት ድንጋያማ ጉብታ አለ። ሸለቆዎቹ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢሰፉ እንኳ ከሦስት ማዕዘኑ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉብታው ነው። ገመዱ ማዕዘኑን ተከትሎ መታጠፍ ስለማይችል ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ አቋርጦ ያልፋል። ሐይቅ፣ ገደል ወይም መንደር በመካከል ቢኖርም እንዲሁ ይጠቀልለዋል።

ሦስተኛው ድክመት ከነጥብ ብዛት ጋር ይያያዛል። ሁሉም ነጥቦች የሚያዙ ከሆነ አዲስ ነጥብ ሲጨመር ገመዱ ወይ ባለበት ይቆያል ወይ ይሰፋል፤ ሊጠብ አይችልም። ስለዚህ 15 ጊዜ የታየ እንስሳና 300 ጊዜ የታየ እንስሳ በዚህ ዘዴ ቢወዳደሩ ሁለተኛው ሰፊ መዋያ ያለው መስሎ የሚታየው ብዙ ስለታየ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ነጥቦቹ በዘፈቀደ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ እየተጨመሩ ስፋቱ በየጊዜው ይሰላና በሰንጠረዥ መስመር ይሳላል። መስመሩ እየወጣ ሄዶ ከጠፈጠፈ ነጥቦቹ በቅተዋል። እስከ መጨረሻው ሽቅብ የሚሄድ ከሆነ ግን የተገኘው ቁጥር የጥናቱን ርዝመት እንጂ የእንስሳውን መዋያ አይለካም።

የጤፍ ክምር፦ የከርነል ጥግግት

ሁለተኛው ዘዴ ከዳር ድንበር አይነሳም። የሚጠይቀው እንስሳው ጊዜውን የት ስንት ያህል ያሳልፋል ብሎ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1989 ለመዋያ ክልል ጥናት በሰፊው ያስተዋወቀው ብሪታንያዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ብሩስ ዎርተን ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ሰፊ ሰሌን ላይ የተዘረጋ ካርታ ይታሰብ። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አንድ ጣሳ ጤፍ ይፈሳል። ጤፉ በነጥቡ ላይ ከፍ ብሎ ወደ ዳር እየሳሳ የሚሄድ ክምር ይሠራል፤ ከርነል የሚባለው የዚህ የአንዱ ክምር ቅርጽ ነው። ነጥቦች በተቀራረቡበት ቦታ ክምሮቹ እርስ በርስ ይደራረቡና ኮረብታ ይሆናሉ። ነጥብ በሌለበት ቦታ ሰሌኑ ባዶ ይቀራል። ሃያ ነጥብ ካለ ሃያ ጣሳ ጤፍ ነው፤ በየትኛውም ቦታ ያለው የጤፍ ከፍታ እንስሳው በዚያ የመገኘት ዕድሉን ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ድንበር የሚወጣው ከከፍተኛው ቦታ ተነስቶ ወደ ታች በመውረድ ነው። በመጀመሪያ ጤፉ ወፍራም የሆነበት ቦታ ይከበባል፤ ክበቡ እየሰፋ ሄዶ ከጠቅላላው ጤፍ 95 በመቶውን ሲይዝ ይቆማል። ያ መስመር የ95 በመቶ መዋያ ይባላል። ግማሹን ጤፍ በጠባቡ ቦታ የሚይዘው መስመር ደግሞ የ50 በመቶ መዋያ ሲሆን የእንስሳው ዋና ማዕከል ተብሎ ይወሰዳል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። በጎነ ብዙው 95 በመቶ ማለት ከነጥቦቹ 95 በመቶውን መያዝ ነው፤ በከርነል ግን ከጤፉ፣ ማለትም ከመገኘት ዕድሉ፣ 95 በመቶውን መያዝ ነው። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ነገሩ አንድ አይደለም።

ወደ ምሳሌው ስንመለስ የዘዴው ጥቅም ይታያል። ክምሮቹ በተለመደው መጠን ቢዘረጉ በሸለቆዎቹ መገናኛ ላይ ያለው የጤፍ ከፍታ ርቃ በታየችበት ብቸኛ ነጥብ ላይ ካለው 8 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ከማዕዘኑ 2 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅና 2 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን፣ ጉብታው ላይ ካለው ደግሞ 26 እጥፍ ይበልጣል። ሃያኛው ነጥብ አልተጣለም፤ ግን ክልሉን ሁሉ ወደ ራሱ አልጎተተም። በ95 በመቶው ካርታ ላይ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የተነጠለ ደሴት ሆኖ ይታያል። አንባቢው ዋናው መዋያ የቱ፣ የአንድ ቀን ጉዞ የቱ እንደሆነ በዓይኑ መለየት ይችላል።

የክምሩ ስፋት ሁሉን ይወስናል

ጤፉ ከመፍሰሱ በፊት ግን አንድ ውሳኔ አለ፦ እያንዳንዱ ክምር ምን ያህል ሰፍቶ ይዘርጋ? ይህ መጠን የማለስለሻ ስፋት ሲባል በቀመር h ተብሎ ይጻፋል። ጤፉ ያው አንድ ጣሳ ነው፤ h ሲያንስ ክምሩ ቀጭንና ረጅም ይሆናል፣ ሲበዛ ጠፍጣፋና ሰፊ ይሆናል። የክምሩ ቅርጽ እንደ ደወል ይሁን እንደ ጉልላት በውጤቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ የ h ምርጫ ግን መልሱን ከሥር ይለውጠዋል።

በብዙዎች ዘንድ መነሻ ሆኖ የሚያገለግለው የሚከተለው ቀመር ነው።

```
h = σ × n^(-1/6)
```

እዚህ n የነጥቦቹ ብዛት ሲሆን σ ነጥቦቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበተኑ የሚናገር መደበኛ ልይይት ነው፤ የሚሰላውም የምሥራቅና የሰሜን አቅጣጫ ስርጭቶች አማካይ ሥር ተወስዶ ነው። በምሳሌው ለ20ው ነጥብ σ 1.27 ኪሎ ሜትር ይሆናል። n 20 ሲሆን ሁለተኛው ክፍል 0.61 ይመጣል። ስለዚህ h ወደ 0.77 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሃያኛው ነጥብ ባይኖር 0.65 ብቻ ነበር፤ ይህም ርቆ የወጣ ነጥብ በከርነልም ቢሆን ተጽዕኖው ፈጽሞ እንደማይጠፋ ያሳያል። በተገኘው h የ95 በመቶው ስፋት ሲሰላ ወደ 31 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ይህ አስደንጋጭ ቁጥር ነው። ገመዱ ሃያውንም ነጥብ ይዞ 12 ብቻ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ቀመሩ ነጥቦቹ በአንድ ማዕከል ዙሪያ እንደ ደወል ተበትነዋል ብሎ ስለሚነሳ ነው። በሸለቆ ተዘርግተው የታጠፉ ነጥቦች እንዲያ አይደሉም። ቀመሩ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት እንደ ብትነት ቆጥሮ እያንዳንዱን ክምር ከሸለቆው ስፋት በላይ ይዘረጋዋል፤ ጤፉም በጉብታው ላይና ከሸለቆው ውጭ ባለው ተዳፋት ላይ ይፈሳል።

ነጥቦቹ በእርግጥ እንደ ደወል የተበተኑ ቢሆኑ እንኳ ክምር መዘርጋቱ በራሱ ክልሉን ያሰፋል። የመስፋቱን መጠን በቀላሉ ማስላት ይቻላል። ነጥቦቹ 64 ሲሆኑ h የ σ ግማሽ ይሆናል፤ ስፋቱም ከእውነተኛው ሩብ ያህል በልጦ ይወጣል። ነጥቦቹ 1,000 ሲደርሱ ትርፉ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ጎነ ብዙው በነጥብ ማነስ ሲጠብ ከርነል በነጥብ ማነስ ይሰፋል፤ ስለዚህ ጥቂት ነጥብ ባለበት ጥናት የሁለቱ ዘዴዎች መልሶች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይሸሻሉ። ለከርነል ቢያንስ 30፣ ቢቻል ከ50 በላይ ነጥብ እንዲኖር የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ወደ ሌላው ጫፍ መሄድም መፍትሔ አይደለም። በምሳሌው h ወደ 0.15 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ክምሮቹ ከመነካካት ይቀሩና ክልሉ ወደ ስምንት ክብ ደሴቶች ይሰባበራል። የስምንቱ ድምር 3.3 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎ ሜትር ሰፍተው 3 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ሸለቆዎች ወደ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሆኑ ቁጥሩ ትክክል ይመስላል። ካርታው ግን ቀበሮዋ ከደሴት ወደ ደሴት የምትዘል ያስመስላታል፤ በደሴቶቹ መካከል ያለውን ሣር መዋያዋ አይደለም ይላል። ትክክል የመሰለው ድምር በአጋጣሚ የተገኘ ነው፤ ስፋት ብቻውን የካርታውን ትክክለኛነት አያረጋግጥም ማለት ነው።

h ን ከመረጃው ራሱ ለመምረጥ የሚሞክር ሌላ መንገድም አለ። ይህ መንገድ አንድ ነጥብ እየተነሳ ቀሪዎቹ ምን ያህል እንደሚገምቱት ይፈትሻል። ነገር ግን እንስሳው ወደ አንድ ጉድጓድ ወይም ማደሪያ ደጋግሞ ሲመለስና ብዙ ነጥቦች በአንድ ቦታ ሲደራረቡ h እጅግ ትንሽ ሆኖ ክልሉን ይሰባብረዋል፤ አንዳንዴም ምንም መልስ ሳይሰጥ ይቀራል። በተግባር ብዙዎች ከመነሻው ቀመር ጀምረው h ን ደረጃ በደረጃ ይቀንሱና ዋናው ክልል መሰንጠቅ ሊጀምር ሲል ይቆማሉ። ይህ የእጅ ሥራ ስለሆነ የተመረጠው ቁጥርና የተመረጠበት ምክንያት መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ሌላ ሰው ስሌቱን ሊደግመው አይችልም።

ከርነል የማያየው ሌላም ነገር አለ፦ ድንበር የሆነ መልክዓ ምድር። የሳነቴ አምባ በደቡብ በኩል በቁልቁለት ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። በአምባው ጠርዝ ላይ የሚያድን የቀይ ቀበሮ መንጋ ነጥቦቹ ገደሉ አፋፍ ድረስ ቢደርሱ የጤፉ ክምር ገደሉን አልፎ ወደ ጫካው ይፈሳል፤ ቀበሮው ግን የደጋ ሣር እንስሳ ነው። ይህን የሚያስታውቀው ውጤቱን በእውነተኛው ካርታ ላይ ደርቦ ማየት ብቻ ነው።

ስሌቱ በኮምፒውተር

ሁለቱም ስሌቶች ዛሬ የሚሠሩት በአብዛኛው R በተባለው ነጻ ፕሮግራም፣ ክሌማን ካላንዥ ባዘጋጀው adehabitatHR ጥቅል ነው። ወደ ሜትር የተቀየሩት ነጥቦች pts በሚል ስም ከተቀመጡ ትእዛዙ አጭር ነው።

```r
library(adehabitatHR)
mcp(pts, percent = 95, unin = "m", unout = "km2")
kud <- kernelUD(pts, h = "href", grid = 200, extent = 1)
kernel.area(kud, percent = 95, unin = "m", unout = "km2")
```

ሁለተኛው መስመር የገመዱን ስፋት ያወጣል። ሦስተኛው ጤፉን ያፈሳል፤ href ማለት ከላይ የታየው መነሻ ቀመር ነው። በእርሱ ፋንታ በሜትር የተጻፈ ቁጥር ማስገባት ይቻላል። አራተኛው መስመር የ95 በመቶውን ስፋት ይነግራል። extent ሰሌኑ ከነጥቦቹ ዳር ምን ያህል እንዲወጣ ይወስናል። ሰሌኑ ጠቦ ጤፉ ከዳር ከፈሰሰ ፕሮግራሙ ክልሉን ማስመር እንዳልቻለ ይናገራል፤ ያኔ ይህ ቁጥር ይጨመራል።

ሰዓታዊው ኮላርና ተመሳሳይ ነጥቦች

በየሰዓቱ የሚመዘግብ የጂፒኤስ ኮላር በአንድ ወር 720 ነጥብ ይሰጣል። ከላይ ባለው ቀመር h በዚህ ጊዜ የ σ ሲሶ ብቻ ይሆናል፤ መልሱም እጅግ ትክክለኛ መስሎ ይታያል። ቀመሩ ግን እያንዳንዱን ነጥብ ከሌላው የማይነካካ ራሱን የቻለ ምስክር አድርጎ ይቆጥራል። የቀይ ቀበሮ መንጋ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ተጠጋግቶ ያድራል። በአንድ ሌሊት የተመዘገቡ 10 ወይም 12 ነጥቦች በእውነት አንድ ወሬ ናቸው፦ ማደሪያው እዚህ ነው። ቀመሩ ግን አሥራ ሁለት አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ስለዚህ h ከሚገባው በላይ ያንሳል፣ ክልሉም ከሚገባው በላይ ይጠባል። በተጨማሪም የ50 በመቶው ማዕከል የአደን ቦታ ሳይሆን የመኝታ ቦታ ሆኖ ይወጣል።

ይህ ችግር መኖሩ የሚታወቀው ቀላል በሆነ ሙከራ ነው። በየሰዓቱ የተመዘገበው መረጃ በየ12 ሰዓቱ አንድ ነጥብ እስኪቀር ይሳሳና ስሌቱ ይደገማል፤ ስፋቱ በግልጽ ካደገ የመጀመሪያው ቁጥር የተመካው በተደጋገሙ ነጥቦች ላይ ነበር። ነጥብ መጣል ግን መረጃ ማባከን ነው። በክሪስተን ፍሌሚንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 የቀረበው አዲስ የከርነል ዓይነት ነጥብ ሳይጥል መጀመሪያ የእንስሳውን አካሄድ ይተነትናል፤ እንስሳው መዋያውን አንድ ጊዜ ለማዳረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ያሰላና h ን የሚመርጠው በእውነተኛው የምስክር ቁጥር ነው። ctmm በተባለው የ R ጥቅል ይሠራል፤ ስፋቱንም ከነስሕተት ወሰኑ ያወጣል።

የቱ ለምን

ጎነ ብዙው የሚመልሰው እንስሳው የደረሰው እስከ የት ነው የሚለውን ጥያቄ ነው። የተመረጠ h የለውም፤ ማንም ሰው ከተመሳሳይ ነጥቦች ተመሳሳይ መልስ ያገኛል። ስለዚህ ከቀድሞ ጥናቶች ጋር ለማነጻጸር እንዲሁም ነጥቦቹ በጣም ጥቂት ሆነው የደረሰበትን ዳር ብቻ ለመግለጽ ያገለግላል። የነጥብ ብዛት ካልተመጣጠነ ግን ሁለት እንስሳትን ለማወዳደር አይሆንም።

ከርነል የሚመልሰው ጊዜው የት ያልፋል የሚለውን ነው። የአደን ማዕከልን ለመለየት፣ የሁለት መንጋ መዋያዎች ወይም የቀበሮና የእረኛ ውሻ መንገዶች የት እንደሚደራረቡ ለማየት የሚያስፈልገው ይህ ነው። በሽታ የሚተላለፈው ክልሎች በወረቀት ላይ በተነካኩበት ሁሉ ሳይሆን ሁለቱም ደጋግመው በሚገኙበት ቦታ ነው። ዋጋው ደግሞ የ h ን ምርጫ መሸከም ነው።

የተሠራው ምሳሌ ከ20 ነጥብ አራት ስፋት አውጥቷል፦ በሁሉም ነጥቦች ገመድ 12፣ በ95 በመቶው ገመድ 4.5፣ በመነሻው ከርነል 31 ገደማ፣ በጠባቡ ከርነል 3.3 ካሬ ኪሎ ሜትር። ቀበሮዋ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ጥያቄውና ምርጫው ነው። ስለዚህ አንድ የመዋያ ስፋት ሲነገር አብረውት አራት ነገሮች መነገር አለባቸው፦ ዘዴው፣ የተያዘው መቶኛ፣ የነጥቦቹ ብዛትና በምን ያህል ጊዜ ልዩነት እንደተመዘገቡ፣ ከርነል ከሆነ ደግሞ የ h መጠን። እነዚህ ካልተጻፉ በአንድ ጥናት 6፣ በሌላው 13 የሚል ቁጥር ሲገኝ የተለየው መሬቱ ይሁን ስሌቱ ማወቅ አይቻልም። ሲጻፉና ሲመሳሰሉ ግን ልዩነቱ በእርግጥ የመሬቱ፣ የሣሩና የፍልፈሉ ልዩነት ነው ማለት ይቻላል።